የፀጉር ቀለም እድፍ ከቆዳ፣ ከጥፍር፣ ከፎጣና ከመታጠቢያ ቤት፦ ለየትኛው እድፍ የትኛው ማስለቀቂያ?

ፀጉር ቤት ውስጥ ተቀብቶ ሲያበቃ ቀለሙ ግንባር፣ ጆሮ፣ ማጅራትና የጥፍር ዙሪያ ላይ ይቀራል፤ ፎጣው፣ ሲንኩና ሊሾውም አይተርፉም። ብዙ ጊዜ ጉዳቱን የሚያብሰው ግን እድፉ ሳይሆን ለሁሉም አንድ ማስለቀቂያ መጠቀሙ ነው። በረኪና ነጭ ፎጣ ያድናል፤ ቆዳ ላይ ግን ያቃጥላል። አሴቶን ጥፍር ላይ ይሠራል፤ የፕላስቲክ ሳፋን ግን ያበላሻል። ሎሚ የሚያምነው ሰው ብዙ ነው፤ እብነ በረድ ላይ ካረፈ ግን የማይለቅ ደብዛዛ ምልክት ትቶ ይሄዳል። ስለዚህ ማስለቀቂያ ከመምረጥዎ በፊት ሁለት ነገር ይወቁ፦ ቀለሙ ካረፈ ስንት ደቂቃ ሆነው? ያረፈውስ ምን ላይ ነው?

እዚህ የምናወራው ስለ ቋሚው ጥቁርና ቡናማ ቀለም ነው፤ ማለትም ከኦክሲጅን ፈሳሽ ጋር ስለሚቀላቀለው ክሬምና በውሃ ስለሚበጠበጠው ጥቁር ዱቄት። ሂናና እንሶስላ ጠባያቸው ሌላ ስለሆነ በጥፍር ክፍል በአጭሩ እናነሳቸዋለን።

ቀለሙ የሚይዘው እንዴት ነው?

ክሬሙ ከጠርሙሱ ሲወጣ ጥቁር አይደለም፤ ነጣ ያለ ወይም ቢጫ ቢጤ ነው። በውስጡ ያሉት ንጥረ ነገሮች ጥቃቅንና ገና ቀለም የሌላቸው ናቸው። ኦክሲጅን ሲያገኙ እርስ በርስ ተያይዘው ያድጋሉ፣ እየጠቆሩም ይሄዳሉ። ፀጉር ውስጥ ትንሽ ሆነው ይገቡና እዚያው ትልቅ ሆነው መውጫ ያጣሉ። ከ30 እስከ 45 ደቂቃ ይቆይ የሚባለው ለዚህ ነው። የላይኛው የቆዳ ሽፋንና ጥፍርም እንደ ፀጉር ከኬራቲን የተሠሩ ስለሆኑ ቀለሙ እነሱንም እንደ ፀጉር ይይዛቸዋል።

ከዚህ አንድ ትልቅ ነገር ይከተላል። ቀለሙ ግንባር ላይ ባረፈ በ5 ደቂቃ ውስጥ እርጥብ ጥጥና ሳሙና ይበቃዋል፤ በ40ኛው ደቂቃ ግን የሚፋቀው ቀለሙ ሳይሆን ቀለሙን የያዘው የሞተ ቆዳ ነው። በሁለተኛው ጠርሙስ ውስጥ የተረፈውን ኦክሲጅን እድፉ ላይ ማፍሰስ ስህተት የሚሆነውም በዚሁ ምክንያት ነው። ያነጣዋል ተብሎ ቢታሰብም ትኩስ እድፍ ላይ የሚያደርገው ተቃራኒውን ነው፤ ቀለሙ የጀመረውን መጥቆር ያስጨርሰዋል።

እድፉ ገና መልቀቅ ይችል እንደሆነ ለማወቅ ነጭ ጥጥ በሳሙና ውሃ አርጥበው እድፉን ለ5 ሰከንድ ያህል ጫን አድርገው ይሹት። ጥጡ ላይ ጥቁር ወይም ቡናማ ቀለም ከመጣ አሁንም የሚለቅ ቀለም አለና ይቀጥሉ። ጥጡ ንጹሕ ሆኖ እድፉ ግን እንዳለ ከታየ ተጣብቋል ማለት ነው፤ ወደሚቀጥለው ጠንከር ያለ መንገድ ይሂዱ ወይም ይተዉት። ይህ ሙከራ ለቆዳም፣ ለፎጣም፣ ለሲንክም ይሠራል። ብዙ ቆዳ የሚላጠው ጥጡ ንጹሕ መውጣት ከጀመረ በኋላ በሚደረግ ፈተጋ ነው።

ከየት ይጀመር?

ጎንደር ላይ ውሃ በፈረቃ የሚመጣባቸው ሰፈሮች ብዙ ናቸው፤ ቀለም በሚቀቡበት ቀን ያለዎት ውሃ ሁለት ጀሪካን ብቻ ሊሆን ይችላል። ስለዚህ ቅደም ተከተሉ ከማስለቀቂያው እኩል ዋጋ አለው። መጠበቅ የማይችሉት ቆዳና ሊሾ ናቸው፤ ቆዳው በደቂቃዎች ይይዛል፣ ሲሚንቶውም ቀዳዳ ያለው ስለሆነ ይመጠዋል። ፎጣ ቀዝቃዛ ውሃ ውስጥ እስከተነከረ ድረስ ሁለትና ሦስት ሰዓት ይታገሣል። የሚያብረቀርቅ ሲንክ ቀለሙን አያስገባም፤ ወዲያው በእርጥብ ሶፍት ከተጠረገ ሌላው ቆይቶ ይደርሳል። ጥፍር ግን ቀለም ከያዘ በኋላ አንድ ሰዓት ቢዘገይም ልዩነት ስለሌለው መጨረሻ ላይ ይሠራል።

ቆዳ፦ ቅባት፣ አልኮል፣ ወይስ የጥርስ ሳሙና?

ከሁሉም የሚሻለውና ምንም የማያስወጣው ፀጉሩ ከመታጠቡ በፊት የሚሠራው ነው። ጊዜው ሲሞላ ቀለሙን ወዲያው በውሃ አይልቀቁት። ጓንቱን እንዳደረጉ እጅዎን ለብ ባለ ውሃ ያርጥቡና በፀጉሩ መስመር ላይ ያለውን ቀለም ለ1 ወይም ለ2 ደቂቃ በክብ በክብ እያሹ አረፋ እስኪመስል ያለስልሱት። እርጥቡ ቀለም ቆዳው ላይ የደረቀውን ይዞት ይነሳል። የውበት ሳሎን ባለሙያዎች ይህን የሚያደርጉት በምክንያት ነው፦ በክሬሙ ውስጥ ያሉት ቅባትና አረፋ ሰጪ ነገሮች የደረቀውን ቀለም ያላሉታል። ከዚያ በኋላ ነው ውሃ የሚፈስሰው።

ይህ አልፎ እድፍ ከቀረ ሦስት ምርጫ አለ።

ቅባት፣ ማለትም ቫዝሊን፣ የወይራ ዘይት ወይም የወጥ ዘይት፣ ቀለሙን በራሱ አያሟሟም። የሚሠራው የላይኛውን የቆዳ ሽፋን አለስልሶ ቀለም የያዘውን ክፍል ቶሎ እንዲነሳ በማድረግ ነው። ቀጭን አድርገው ይቀቡት፣ 10 ደቂቃ ይቆዩ፣ ለብ ባለ ውሃ በረጠበ ለስላሳ ጨርቅ ይጥረጉት፣ ከዚያ በሳሙና ይታጠቡ። ዝግተኛ ነው፤ ነገር ግን ለዓይን አካባቢ፣ ለጆሮና ለሕፃን ቆዳ የምንመርጠው እሱን ብቻ ነው። ማታ ተቀብቶ ማደር ይቻላል፤ ትራሱ ላይ አሮጌ ጨርቅ ማንጠፍ ግን አይርሱ።

አልኮል ፈጣኑ ነው። ከፋርማሲ የሚገኘው 70 በመቶው ወይም የእጅ ሳኒታይዘር ለግንባር፣ ለማጅራትና ለአንገት ጥሩ ነው። ጥጡን አርጥበው እድፉ ላይ ለ10 ሰከንድ ያህል ያስቀምጡት፣ ከዚያ ከውጭ ወደ ውስጥ ይጥረጉ፤ ከውስጥ ወደ ውጭ ከሄዱ እድፉን ያሰፉታል። ለእያንዳንዱ መጥረግ አዲስ የጥጥ ገጽ ይጠቀሙ። ሦስት ጊዜ ተደጋግሞ ያልለቀቀ በአራተኛው አይለቅም፤ ቆዳው ግን ደርቆ መሰነጣጠቅ ይጀምራል። ሲጨርሱ ቫዝሊን ይቀቡ። የቡና ከሰል በተቀጣጠለበት ክፍል ውስጥ ፈጽሞ አይጠቀሙት፤ ትነቱ ራሱ እሳት ይይዛል።

የጥርስ ሳሙናና ቤኪንግ ሶዳ የሚሠሩት በመፋቅ ነው። ለእጅ መዳፍና ለጣት ቆዳው ወፍራም ስለሆነ ይስማማሉ፦ የአተር ፍሬ የሚያህል የጥርስ ሳሙና፣ አሮጌ ለስላሳ ብሩሽ፣ አንድ ደቂቃ። ፊት ላይ ግን ከሁለቱ የጥርስ ሳሙናው ይሻላል፤ እሱም በጣት ጫፍ ከ20 ሰከንድ ላልበለጠ። ሶዳው አልካላይ ስለሆነ የፊት ቆዳ የለመደውን ቀላል አሲድነት ያዛባል፤ በማግስቱ የሚታየው መቅላትና መለብለብ ከዚያ የሚመጣ ነው።

ሎሚን አንመክርም። እድፉ ላይ ያለው አቅም ትንሽ ነው፤ አደጋው ግን ትንሽ አይደለም። የሎሚ ጭማቂ ቆዳ ላይ እያለ ፀሐይ ከመታው ቆዳውን አቃጥሎ ለሳምንታት የማይለቅ ጥቁር ጠባሳ ሊተው ይችላል፤ የጎንደር የቀትር ፀሐይ ደግሞ ለዚህ አያንስም። በረኪናን ቆዳ ላይ ስለመጠቀም ግን ንግግርም አያስፈልግም፤ በውሃ ተበርዞም ቢሆን አይደረግም።

ምንም ሳይነካ የቀረ የግንባር እድፍ በየቀኑ ፊት በመታጠብ ብቻ ከጥቂት ቀናት እስከ አንድ ሳምንት ባለው ጊዜ ይጠፋል። ቆዳው የላይኛውን ሽፋን በራሱ ስለሚጥል ቀለሙም አብሮት ይሄዳል።

ጥፍር

ጥፍር እንደ ቆዳ ራሱን ቶሎ አያድስም፤ የእጅ ጥፍር በወር በአማካይ 3 ሚሊ ሜትር ያህል ነው የሚያድገው። ስለዚህ እዚህ ላይ መከላከሉ ከማስለቀቁ በብዙ ይበልጣል። ከመቀባትዎ በፊት ጥርት ያለ የጥፍር ቀለም ጥፍሩን በሙሉ፣ ጫፉን ጭምር ይቀቡት፤ እድፉ እሱ ላይ ያርፋል፣ ኋላም በአሴቶን ሁለቱም አብረው ይነሳሉ። ጓንት ከጎማ (ላቴክስ) ከሆነ ከሥሩ እጅዎን በቫዝሊን ወይም በዘይት አይቀቡ፤ ዘይት ጎማውን ያላላዋል፣ ይቀድደዋልም። በቀለሙ ሣጥን ውስጥ የሚመጣው ስስ የፕላስቲክ ጓንት ደግሞ አውራ ጣት ላይ ቶሎ ይቀደዳል፤ ሁለት ደርበው ያድርጉ።

ባዶ ጥፍር ላይ ከያዘ በአሴቶን የረጠበ ጥጥ ለ30 ሰከንድ ይጫኑበት፣ ይጥረጉት፣ እጅዎን ታጥበው በጥርስ ሳሙና ይቦርሹት። በጥፍር ሥር የገባውን በለስላሳ ብሩሽና በሳሙና እንጂ በመርፌ ወይም በሹል ነገር አይሞክሩ፤ ጥፍሩን ከሥጋው ያላቅቀውና ቀለሙን ይበልጥ ወደ ውስጥ ያስገባዋል። በሞረድ መሞረድ ይሠራል፤ ነገር ግን የሚያስወግደው ጥፍሩን ነው፤ ሁለት ጊዜ ቀስ ብሎ ማለፍ ይበቃል። ቀሪው በመታጠብ በሳምንታት ይደበዝዛል፤ እስከዚያ ጠቆር ባለ የጥፍር ቀለም መሸፈን ይቻላል።

ሂናና እንሶስላ ከሆነ እነዚህን ሁሉ አይድከሙባቸው። ሁለቱም የሚቀቡት እጅና ጥፍር ላይ እንዲቆዩ ታስቦ ነው፤ የሂናው ቀለም ከኬራቲን ጋር በኬሚካል ይተሳሰራል። ከቆዳው ቆዳው ሲቀየር፣ ከጥፍሩ ደግሞ ጥፍሩ እያደገ ሲቆረጥ ይወጣል።

ፎጣ፣ ጋቢና ነጠላ

የማንኛውም ጨርቅ የመጀመሪያ እርምጃ አንድ ነው፦ ቀዝቃዛ ውሃ፣ ከእድፉ ጀርባ በኩል። ከፊቱ ካፈሰሱበት ቀለሙን ወደ ጨርቁ ውስጥ ይገፉታል። ቀጥሎ ፈሳሽ የዕቃ ሳሙና ጠብ አድርገው በጣት ያሹት፣ 10 ደቂቃ ይተዉት፣ ያለቅልቁት። ሙቅ ውሃና ካውያ እድፉ ሳይለቅ ከነኩት ያጠናክሩታል፤ ፀሐይ ላይ ማስጣትም እንዲሁ፤ በጨርቁ ውስጥ የቀረው ቀለም እየደረቀ መጥቆሩን ይጨርሳል።

ከዚህ በኋላ መንገዱ ይለያያል። ፎጣው ነጭና ሙሉ በሙሉ ጥጥ ከሆነ በረኪና ከሁሉም የተሻለ ነው። ለ4 ሊትር ቀዝቃዛ ውሃ አንድ የቡና ሲኒ (60 ሚሊ ሊትር ያህል) በረኪና ይበቃል። ፎጣውን ይንከሩና በየ2 ደቂቃው ይዩት፤ 10 ደቂቃ ላይ ያውጡት። ብዙ ማቆየት እድፉን ሳይሆን ጥጡን ነው የሚበላው። ሁለት ጊዜ በደንብ ያለቅልቁ፤ በረኪናው ከቀረ ፎጣው ይበጫል፣ ቶሎም ይቀደዳል።

ባለቀለም ፎጣ ላይ በረኪና አይገባም፤ በጥቁር እድፍ ፋንታ ነጭ እድፍ ይተካል። ለእሱ ክሎሪን የሌለው የእድፍ ማስለቀቂያ ዱቄት ለብ ባለ ውሃ በጥብጦ መንከርና ማሳደር ይሻላል፤ መጠኑ ማሸጊያው ላይ ተጽፏል። ቀድመው በፎጣው የተደበቀ ጥግ ይሞክሩት።

ነጠላና ጋቢ የብቻቸው ጉዳይ ናቸው። ነጩ ክፍል በረኪናን ሊችል ይችላል፤ ጥለቱ ግን አይችልም። የጥለቱ ክር ብዙ ጊዜ ሰው ሠራሽና ባለቀለም ነው፤ በረኪና ሲነካው ይገረጣል፣ ሲነከርም ቀለሙ ወደ ነጩ ሊፈስ ይችላል። የእጅ ፈትልም ከፋብሪካ ክር ይልቅ የላላ ስለሆነ ለበረኪና ይደክማል። ስለዚህ ነጠላን አይንከሩ። ከእድፉ ሥር የታጠፈ ነጭ ጨርቅ ያስቀምጡ፣ በአልኮል የረጠበ ጥጥ ከላይ መታ መታ ያድርጉ፣ ቀለሙ ወደ ታችኛው ጨርቅ ይወርዳል። የታችኛውን ጨርቅ ቦታ እየቀየሩ ምንም መውረድ እስኪያቆም ይቀጥሉ። ጥለቱ ላይ የወደቀ እድፍ ካለ በራስዎ ከመሞከር ልብስ ለሚያጥቡ ባለሙያዎች ይስጡት።

ሲንክ፣ ሴራሚክ፣ ሊሾና ፕላስቲክ

ነጭ ሲንክና የሚያብረቀርቅ ሴራሚክ ቀላሎቹ ናቸው፤ እድፉ ላያቸው ላይ ብቻ ነው። ፈሳሽ ሳሙናና ስፖንጅ ካልበቃ ቤኪንግ ሶዳ በትንሽ ውሃ ለውሰው ይለጥፉበት፣ ከ10 ደቂቃ በኋላ ይጥረጉት። የብረት ሽቦ መፈተጊያ አይጠቀሙ፤ ጭረት ይተዋል፣ የሚቀጥለው ቀለምም ጭረቱ ውስጥ ገብቶ ይቀራል።

በሴራሚኮቹ መካከል ያለው የሲሚንቶ መስመርና ሊሾ ግን ቀለሙን ወደ ውስጥ ይስባሉ። በሳሙና ታጥበው ከቀረ ሶፍት በበረኪና ያርጥቡ (1 እጅ በረኪና፣ 4 እጅ ውሃ)፣ እድፉ ላይ ያንጥፉት፣ ቶሎ እንዳይደርቅ በፌስታል ይሸፍኑት፣ 15 ደቂቃ ቆይተው አንስተው ያለቅልቁት። ሶፍቱ የሚረዳው ፈሳሹ እንዳይፈስስና ከቀዳዳዎቹ ጋር በቂ ጊዜ እንዲቆይ ነው። ሁለት ጊዜ ተሠርቶ የቀረው ጥላ ውስጥ የገባ ስለሆነ አይለቅም። ሊሾው ቀለም የተቀላቀለበት ከሆነ ግን በረኪናው ሊያነጣው ስለሚችል መጀመሪያ ጥግ ላይ ይሞክሩት።

የፕላስቲክ ሳፋ፣ ጆግና የፋይበር መታጠቢያ ገንዳ ላይ አልኮል ይሠራል፤ አሴቶን ግን ፕላስቲኩን ያሻክረዋል ወይም ያቀልጠዋል። እብነ በረድ ከሆነ ሎሚና ኮምጣጤ አይቀርቡትም፤ ሳሙና፣ ቀጥሎም የሶዳ ልውስ ብቻ።

እዚህ ላይ አንድ ነገር በጥብቅ ይያዝ። ብዙዎቹ ክሬም ቀለሞች አሞኒያ አላቸው። አሞኒያና በረኪና ሲገናኙ ሳንባን የሚጎዳ ጋዝ ይወጣል። ስለዚህ ቀለሙ ገና እርጥብ በሆነበት ሲንክ ወይም ፎጣ ላይ በረኪና አይፈስስም፤ መጀመሪያ በሳሙናና በውሃ ሙልጭ ብሎ መታጠብ አለበት። የሽንት ቤት አሲድ፣ ኮምጣጤና ሎሚ ደግሞ ከበረኪና ጋር የክሎሪን ጋዝ ይሰጣሉ። አልኮልና አሴቶንም ከእሱ ጋር አይቀላቀሉም። መስኮት የሌለው ጠባብ መታጠቢያ ቤት ከሆነ በሩ ተከፍቶ ይሠራ፤ ዓይን ከለበለበና ሳል ከጀመረ እቃውን ጥሎ ወዲያው ወደ ውጭ መውጣት ነው።

በሁለት ጀሪካን እንዴት ይዳረሳል?

ጥር 9 ቀን፣ የከተራ ዋዜማ ነው እንበል። ቧንቧው ውሃ የለውም፤ ሁለት ባለ 20 ሊትር ጀሪካን ተቀድቷል። ፀጉሩ ረጅም ነው፤ ቀለሙ ጥቁር ነው። ግንባርና ማጅራት ላይ እድፍ አለ፣ አንድ ነጭ ፎጣ ላይ ሰፋ ያለ እድፍ አርፏል፣ ሊሾው ላይም ሦስት ጠብታ ወድቋል።

ሊሾው ላይ የወደቀው እንደወደቀ በሶፍት ይነሳል፤ አይጠረግም፣ በመጫን ይመጠጣል። ጊዜው ሲሞላ የፀጉሩ መስመር ይታሻል፣ ፀጉሩም በ20 ሊትር ይለቀለቃል፤ ውሃው ጥርት ብሎ እስኪወርድ ሲባል ሙሉ ጀሪካን ይፈጃል። ፎጣው በ4 ሊትር ቀዝቃዛ ውሃ ይነከራል። ግንባሩና ማጅራቱ በዚህ መሐል በአልኮል ይጠረጋል፤ ይህ ውሃ አይፈልግም ማለት ይቻላል። በ3 ሊትር የሳሙና ውሃ ሲንኩና ሊሾው ይታጠባሉ። ፎጣው ከመጀመሪያው ውሃ ወጥቶ በሳሙና ይታሻል፣ ይጨመቃል፣ በ4 ሊትር ውሃ ይለቀለቃል። አሞኒያው እዚህ ላይ ስለተወገደ አሁን በረኪና ይገባል፦ 4 ሊትር ከአንድ ሲኒ ጋር፣ 10 ደቂቃ። የመጨረሻው 5 ሊትር ለሁለት ተከፍሎ ፎጣው ሁለቴ ይለቀለቃል። እስካሁን 40 ሊትር ነው። ፎጣው የነጣበት የበረኪና ውሃ ንጹሕ ስለሆነ ለሊሾው ማለቅለቂያ ይውላል፤ አቅሙ ደካማ ስለሆነ እድፍ እንዲያስለቅቅ ግን አይጠበቅም። የመጀመሪያው የፎጣ ውሃ ቀለም ስለያዘ አትክልት ላይ አይደፋም።

ነጠላው በማግስቱ የሚለበስ ከሆነ ፀጉሩ ሙሉ በሙሉ ሳይደርቅ አንገት ላይ አይጣል። አዲስ የተቀባ ፀጉር እርጥብ እስከሆነ ድረስ ቀለም ይለቃል፤ በተለይ የመጀመሪያው እጥበት ጥርት ካላለ። ማጅራቱ ላይ ነጭ ጥጥ አሽተው ንጹሕ ከወጣ መልበስ ይቻላል።

ቆዳው ላይ ያለው ጥቁረት ሳይሆን ማሳከክ፣ መቅላት ወይም የዓይን ቆብ ማበጥ ከታየ ጉዳዩ የእድፍ አይደለም። በጥቁር ቀለሞች ውስጥ ያለው ፓራ ፌኒሊን ዳያሚን የሚባለው ንጥረ ነገር አለርጂ ያመጣል፤ ምልክቱ ከሰዓታት እስከ ሁለትና ሦስት ቀን ዘግይቶም ሊወጣ ይችላል። ያን ጊዜ አልኮሉም ሶዳውም ይቅር፤ ፀጉርና ቆዳ በብዙ ውሃና በለስላሳ ሳሙና ይታጠብ። ፊት ካበጠ ወይም መተንፈስ ካስቸገረ ሳይቆዩ ወደ ጤና ተቋም ይሂዱ፤ የቀለሙን ማሸጊያም ይዘው ይሂዱ፣ ሐኪሙ በውስጡ ምን እንዳለ ያነብበዋል። የተረፈው ዱቄት ቢዋጥ ገዳይ ስለሆነ ልጆች በማይደርሱበት ቦታ ይቀመጥ፤ ተበጥብጦ የቀረው ደግሞ ለሌላ ቀን ስለማይሆን በዚያው ዕለት ይጣል።